ምዕራፍ ሰባት፦ በሻጩ መሳቢያ ውስጥ ያለ አደራ

በምዕራፍ አራት ስለ ደመወዝ ግብር ሲነሣ፣ ግብሩን ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ቆርጦ ለመንግሥት የሚያስገባው ቀጣሪው ቢሆንም ግብሩ የቀጣሪው ወጪ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ከሠራተኛው ገቢ ላይ የሚነሣ እንደሆነ ታይቷል። ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በተለምዶ አጠራሩ ቫት፣ በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው፤ ልዩነቱ በቀጣሪው ቦታ ሻጩ፣ በሠራተኛው ቦታ ደግሞ ገዢው መቆሙ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ብዙ ነጋዴና ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ነጋዴው ቫትን ከትርፉ ላይ እንደሚነጠቅ ገንዘብ ያየዋል፤ ገዢውም ሻጩ በራሱ ፈቃድ ዋጋው ላይ የጨመረው ጭማሪ ይመስለዋል። ሁለቱም አስተያየቶች ከሕጉ አሳብ ጋር አይገጥሙም።

በኢትዮጵያ ቫት የታወጀው በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ሲሆን፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቀድሞ የነበረውን የሽያጭ ታክስ ተክቶ ሥራ ላይ ውሏል። ያ አዋጅ ከሃያ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 የተተካ ቢሆንም፣ መደበኛው ምጣኔ ዛሬም እንደ መጀመሪያው 15 በመቶ ነው፤ የታክሱ አሠራርም በመሠረቱ አልተለወጠም።

የእድሩ ገንዘብ ያዥ

የሻጩን ቦታ ለመረዳት የሰፈር እድርን ማሰብ ይጠቅማል። የእድር ገንዘብ ያዥ በየወሩ ከአባላቱ መዋጮ ይሰበስባል፤ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ በእጁ ወይም በቤቱ ይቆያል፤ ይሁን እንጂ አንድም ሰው ያ ገንዘብ የገንዘብ ያዡ ገቢ ነው ብሎ አያስብም። ገንዘቡ ቢጠፋ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ መዋጮውን የከፈለው አባል ግን «በእኔ በኩል ከፍያለሁ» ብሎ ካርዱን ያሳያል፣ ሁለተኛም አይከፍልም። ቫት የተመዘገበ ሻጭም እንዲሁ ነው። ከገዢው የተቀበለው ታክስ በእጁ ያለ አደራ ነው፤ ሳያስረክብ ቢቀር ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚይዘው ሻጩን እንጂ ገዢውን አይደለም። በሕግ ፊት ተጠያቂው ሻጩ፣ ገንዘቡ የሚወጣው ግን ከገዢው ኪስ መሆኑ እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስለው አደራ ምን ማለት እንደሆነ ሲዘነጋ ብቻ ነው።

ይህ አሳብ በሂሳብ መዝገብ ላይም ይታያል። አንድ የኮልፌ የቤት ዕቃ መደብር አንድን ቁም ሳጥን ቫትን ጨምሮ በ23,000 ብር ቢሸጥ፣ የሂሳብ ሠራተኛው በሽያጭ ገቢነት የሚመዘግበው 20,000 ብር ብቻ ሲሆን ቀሪው 3,000 ብር በዕዳ በኩል፣ ለመንግሥት ገና ያልተከፈለ ገንዘብ ተብሎ ይጻፋል። የንግድ ትርፍ ግብር ሲሰላም መነሻ የሚሆነው 20,000ው ነው። በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው፣ ነጋዴው «ካሽ ሬጅስተር» ወይም በአጭሩ «ማሽን» በሚለው፣ የሚታተመው ደረሰኝም ይህንኑ ይለያል፤ `TXBL1` በሚለው መስመር ታክሱ የተሰላበት ዋጋ፣ `TAX1` በሚለው ታክሱ፣ `TOTAL` በሚለው ደግሞ የሁለቱ ድምር ይሰፍራል። ብዙ ሰው የሚያነበው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው። የመሐለኛው መስመር ግን በዚያ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ከገባው ገንዘብ ምን ያህሉ የባለሱቁ እንዳልሆነ የሚናገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የስሌት ስሕተት መጠቀስ አለበት። ቫትን የጨመረ ዋጋ ተሰጥቶ ታክሱ ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙ ሰው የ23,000ን 15 በመቶ አስልቶ 3,450 ብር ይላል። ይህ ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱም 15 በመቶው የተሰላው ታክሱ ሳይጨመር በነበረው በ20,000ው ላይ ነው። ትክክለኛው መንገድ አጠቃላይ ዋጋውን ለ115 አካፍሎ በ15 ማባዛት ነው፤ ውጤቱም 3,000 ብር ይሆናል።

ከጉምሩክ እስከ ቁም ሳጥን

የእድሩ ምሳሌ እስከዚህ ድረስ ብቻ ያደርሳል። የእድር ገንዘብ ያዥ የሰበሰበውን እንዳለ ያስረክባል፤ የቫት ሰብሳቢ ግን ካስከፈለው ላይ ራሱ ቀድሞ የከፈለውን ቀንሶ ልዩነቱን ብቻ ነው የሚያስገባው። «ተጨማሪ እሴት» የሚለው ስያሜ የመጣውም ከዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ የሚያስረክበው እርሱ በዕቃው ላይ በጨመረው ዋጋ ልክ ነው።

የቁም ሳጥኑን ታሪክ ከመነሻው መከተል ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ አስመጪ ኤምዲኤፍ የሚባለውን የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ ከውጭ ያስገባል እንበል። የዕቃው ዋጋ ከቀረጡ ጋር 8,000 ብር ቢሆን፣ ገና ጉምሩክ ላይ 1,200 ብር ቫት ይከፍላል። ከዚያ ጣውላውን ኮልፌ ለሚገኝ የእንጨት ሥራ ቤት በ10,000 ብር ሲሸጥ 1,500 ብር ቫት ጨምሮ 11,500 ብር ይቀበላል፤ ከ1,500ው ላይ ጉምሩክ የከፈለውን 1,200 ቀንሶ 300 ብር ለመንግሥት ያስገባል። የእንጨት ሥራ ቤቱ ጣውላውን ቆርጦ፣ ገጣጥሞና ቀለም ቀብቶ ቁም ሳጥኑን ለቤት ዕቃ መደብር በ16,000 ብር ይሸጠዋል፤ 2,400 ብር ቫት ይቀበልና ከእርሱ ላይ ለአስመጪው የከፈለውን 1,500 ቀንሶ 900 ብር ያስረክባል። መደብሩም ቤተል ለሚኖር አንድ ቤተሰብ በ20,000 ብር ሸጦ 3,000 ብር ቫት ይቀበላል፤ ከዚህ ላይ ለእንጨት ሥራ ቤቱ የከፈለውን 2,400 ቀንሶ 600 ብር ያስገባል።

እነዚህ አራት ክፍያዎች፣ ማለትም 1,200፣ 300፣ 900 እና 600፣ ሲደመሩ 3,000 ብር ይሆናሉ። ይህም ቤተሰቡ በደረሰኙ ላይ ያገኘው ታክስ ነው፤ አንድ ሳንቲም አልበለጠም፣ አልጎደለም። መንግሥት ገንዘቡን ያገኘው ከሦስት እጅ በአራት ጊዜ ቢሆንም፣ አስመጪውም የእንጨት ሥራ ቤቱም ባለመደብሩም የከፈሉትን ሁሉ ከቀጣዩ ገዢ መልሰው አግኝተዋል። ይህ በታክሲ ውስጥ ለራሱና አጠገቡ ለተቀመጠው ሂሳብ ቀድሞ ከፍሎ ድርሻውን ከጎረቤቱ እንደሚቀበል ተሳፋሪ ነው፤ ገንዘቡ በእጁ አለፈ እንጂ የጎረቤቱን ሂሳብ እርሱ አልቻለለትም። ቤተሰቡ ግን ቁም ሳጥኑን ለራሱ ሊገለገልበት ገዛው እንጂ ሊሸጠው አልገዛውም፤ የከፈለውን የሚጠይቀው ቀጣይ ሰው የለውም። የታክሱ ሸክም የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው።

አንድ ነጋዴ ሲገዛ የከፈለውን ታክስ፣ በሕጉ አጠራር የግብዓት ታክስ፣ መቀነስ የሚችለው ግን በስሙና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ የተቆረጠ የቫት ደረሰኝ ሲይዝ ነው። ስለዚህ የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት ለጣውላው ደረሰኝ የሚጠይቀው መንግሥትን ለመርዳት ብሎ ሳይሆን፣ ያለ ደረሰኝ 1,500 ብሩ የራሱ ኪሳራ ስለሚሆንበት ነው። ይህን አሠራር በፈረንሳይ በ1954 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሥራ ላይ ካዋሉት መካከል ስሙ በዋናነት የሚነሣው ሞሪስ ሎሬ የግብር መሥሪያ ቤት ሰው ነበር፤ ሥርዓቱ ብዙ ተቆጣጣሪ ከማሰማራት ይልቅ ገዢው ሻጩን እንዲጠብቀው ማድረጉ ለመስፋፋቱ አንዱ ምክንያት ሆኗል። በአሜሪካ ግዛቶች የሚሠራበት የችርቻሮ ሽያጭ ታክስ ግን የሚሰበሰበው በመጨረሻው ሱቅ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ነጋዴዎች ዘንድ እንዲህ ያለ እርስ በርስ የመጠባበቅ ጥቅም የለም።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ

እስከ አሁን የተወሰደው ሁሉም ነጋዴዎች የተመዘገቡ እንደሆኑ ነው። እውነተኛው ገበያ ግን እንዲህ አይደለም። ዓመታዊ ሽያጩ በሕግ ከተወሰነው መጠን በታች የሆነ ነጋዴ እንዲመዘገብ አይገደድም፤ ያልተመዘገበ ደግሞ ቫት ማስከፈል አይችልም፣ በግዥ የከፈለውንም መቀነስ አይችልም። የሚገርመው፣ ይህ ክፍተት የሚያስከትለው ውጤት በሰንሰለቱ ውስጥ እንደ ተፈጠረበት ቦታ ፈጽሞ የተለያየ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሲሆን የሚጎዳ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ኮልፌ አጠና ተራ ስሙን ያገኘው ለቤት ሥራና ለአጥር ከሚሸጥበት የባሕር ዛፍ አጠና ነው። ባሕር ዛፉን ተክሎ የሚሸጠው ገበሬ የቫት ተመዝጋቢ አይደለም። አንድ የተመዘገበ የአጠና ነጋዴ ከገበሬው በ50,000 ብር ያለ ቫት ገዝቶ ለአንድ ተቋራጭ በ70,000 ብር ቢሸጥ 10,500 ብር ቫት ይሰበስባል፤ የሚቀንሰው የግብዓት ታክስ ስለሌለው ሙሉውን ያስረክባል። በገበሬው እጅ ያልተሰበሰበው በነጋዴው እጅ ተሰበሰበ ማለት ነው። ነጋዴው «እኔ ብቻ ሙሉውን ከፈልሁ» ብሎ ቢያማርር አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን 10,500ው የመጣው ከተቋራጩ ነው።

መካከል ላይ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። በቁም ሳጥኑ ታሪክ የእንጨት ሥራ ቤቱ ብቻ ያልተመዘገበ ነው እንበል። ጣውላውን በ11,500 ብር ገዛ፤ 1,500 ብሩን ከማንም ስለማያስመልስ ወጪው ላይ ይደምረዋል። እንደ በፊቱ 6,000 ብር የድካሙን ዋጋ ጨምሮ በ17,500 ብር ለመደብሩ ሸጠ። መደብሩ የቫት ደረሰኝ ስላላገኘ የሚቀንሰው የለውም፤ የራሱን 4,000 ብር ጨምሮ ዋጋውን 21,500 ያደርስና በዚያ ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 3,225 ብር፣ ያስከፍላል። ቤተሰቡ ቀድሞ በ23,000 ብር ያገኘውን ቁም ሳጥን አሁን በ24,725 ብር ይገዛዋል። ከ1,725 ብሩ ጭማሪ ውስጥ 1,500ው በዋጋው ውስጥ ተደብቆ የቀረው የጣውላው ታክስ ሲሆን፣ 225ቱ ደግሞ በዚያው ታክስ ላይ እንደገና የተሰላ ታክስ ነው። ከምዝገባ ነፃ መሆን ለአንድ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ጥቅም ቢመስልም፣ ትልልቅ መደብሮች ከእርሱ መግዛት የሚሸሹት በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ አነስተኛ አምራቾች ሕግ ሳያስገድዳቸው በፈቃዳቸው የሚመዘገቡትም ይህን ሂሳብ ሠርተው ነው።

መጨረሻ ላይ ሲሆን ደግሞ ዕቃው ይረክሳል። ያልተመዘገበው ባለመደብሩ ከሆነ፣ ቁም ሳጥኑን በ18,400 ብር ገዝቶ 4,000 ጨምሮ በ22,400 ብር ይሸጣል። ቤተሰቡ 600 ብር አተረፈ፤ መንግሥትም ያንኑ ያህል አጣ። ይህ ሕጉ አውቆ የተወው ነው፤ ከእያንዳንዱ ጉልት ቸርቻሪ የወር ሂሳብ ለመቀበል የሚወጣው ወጪ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ስለሚበልጥ ነው።

«ያለ ደረሰኝ ከሆነ»

ካልተመዘገበ ነጋዴ ፈጽሞ የሚለየው ተመዝግቦ እያለ ደረሰኝ የማይቆርጠው ነው። «በደረሰኝ ከሆነ 23,000፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ 20,000» የሚለው አነጋገር ለገዢው ቸርነት ይመስላል፤ ሻጩ ከራሱ የሆነ ነገር የተወ ያስመስለዋል። ሻጩ የተወው ግን የእርሱ ያልሆነውን ነው። በዚህ ዋጋ ሸጦ፣ ሲገዛ ለእንጨት ሥራ ቤቱ የከፈለውን 2,400 ብር ደግሞ በወሩ ሂሳብ ከሌላ ሽያጩ ቫት ላይ ቢቀንስ፣ ቁም ሳጥኑ ለእርሱ የቆመበት በ16,000 ብር ነው፤ ትርፉም እንደ ሕጋዊው ሽያጭ 4,000 ብር ይሆናል። የመንግሥት በኩል ግን ሌላ ነው። ከጉምሩክ፣ ከአስመጪውና ከእንጨት ሥራ ቤቱ የገባው 1,200፣ 300 እና 900 ብር ድምሩ 2,400 ነበር፤ ባለመደብሩ የቀነሰውም ያንኑ 2,400 ነው። ስለዚህ ከዚያ ቁም ሳጥን ለመንግሥት የቀረው ዜሮ ነው። የመጨረሻው ሰው የደበቀው የራሱን 600 ብር ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በፊት የነበሩት ሁለት ነጋዴዎች በትክክል ያስረከቡትን ጭምር ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ 23,000ውን ሙሉ ተቀብሎ የማሽን ደረሰኝ አለመስጠት፣ በምትኩም በእጅ የተጻፈ የትዕዛዝ ወረቀት ወይም የዋጋ ዝርዝር አስይዞ መሸኘት ነው። በዚህ ጊዜ ገዢው ታክሱን ከፍሏል፤ ገንዘቡ የቆመው ገንዘብ ያዡ ቤት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚታወቅበት መንገድ ከሰንሰለቱ ራሱ የሚመነጭ ነው። እንጨት ሥራ ቤቱ የቆረጠው ደረሰኝ የመደብሩን መለያ ቁጥር ይዟል፤ መደብሩም ያንን ደረሰኝ ለመቀነሻ ተጠቅሞበታል። በወረቀት ላይ ቁም ሳጥኑ ተገዝቷል፣ አልተሸጠም፤ እንግዲያው መጋዘን ውስጥ መገኘት አለበት። ተቆጣጣሪ ቆጥሮ ካላገኘው ሻጩ የሚመልሰው ጥያቄ አለ። ለብዙ ወራት በተከታታይ ግዥው ከሽያጩ እየበለጠ የሚያስታውቅ መደብር ትኩረት የሚስበውም ለዚህ ነው፤ አንድ ሱቅ ዕቃ እየከመረ ብቻ ብዙ ጊዜ አይኖርም። በተቃራኒው ያልተገዛ ዕቃ እንደ ተገዛ የሚያስመስል ሐሰተኛ ደረሰኝ ገዝቶ መቀነሻውን የሚያበዛም አለ፤ እርሱም ሲመረመር ደረሰኙን ቆረጠ የተባለው ሻጭ ሽያጩን ሳያስታውቅ ይገኛል። በሁለቱም በኩል አንደኛው ወረቀት ሌላኛውን ያጋልጣል።

አሳቡ ገበያ ላይ ሲወርድ

ሻጩ ሰብሳቢ ብቻ ነው ሲባል ከራሱ ኪስ ምንም አያወጣም ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፤ በዚህ በኩል የነጋዴው ምሬት ሁልጊዜ ባዶ አይደለም። አንደኛው ችግር ዱቤ ነው። መደብሩ ለአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ወንበሮች በዱቤ ሸጦ ደረሰኙን በመስከረም ቢቆርጥ፣ ታክሱ የመስከረም ሂሳብ ሆኖ በቀጣዩ ወር ይጠየቃል፤ ትምህርት ቤቱ ግን የሚከፍለው በታኅሣሥ ሊሆን ይችላል። በመካከሉ ባሉት ወራት አደራ ተቀባዩ ገና ያልተቀበለውን አደራ ከራሱ ገንዘብ አስረክቦ ይጠብቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ከድርድር ይመጣል። በኮልፌ የቤት ዕቃ መደብሮች ዋጋ የሚቆረጠው ተነጋግሮ ነው፤ ገዢውም ሲከራከር በአእምሮው የሚይዘው አንድ ቁጥር እንጂ ዋጋና ታክስ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አይደሉም። በ20,000 ብር ተስማምተው ገንዘቡ ከተቆጠረ በኋላ ገዢው ደረሰኝ ቢጠይቅና ሻጩ 3,000 ብር እንዲጨምር ቢነግረው፣ ገዢው ዕቃውን ጥሎ ከጎን ወዳለው ያልተመዘገበ ሱቅ ሊሄድ ይችላል። ገዢውን ላለማጣት በተስማሙበት ዋጋ ደረሰኙን የሚቆርጥ ሻጭ ታክሱን የሚያወጣው ከ20,000ው ውስጥ ነው፤ ለ115 ተካፍሎ በ15 ሲባዛ 2,608 ብር ከ70 ሳንቲም ይሆናል። ለራሱ የሚቀረው 17,391 ብር ከ30 ሳንቲም ሲሆን፣ ቁም ሳጥኑ በ16,000 ብር ስለ ቆመበት ትርፉ ከ4,000 ብር ወደ 1,391 ብር ከ30 ሳንቲም ይወርዳል። በሕጉ አሳብ ገዢው ታክሱን ከፍሏል፣ ደረሰኙም ይህንኑ ይመሰክራል፤ በዚያ ሽያጭ ከዋጋው ላይ የወረደው ግን ከሻጩ ትርፍ ነው። ልምድ ያለው ባለመደብር ገና ዋጋ ሲጠየቅ «ከነቫቱ» የሚለውን ቃል አስቀድሞ የሚናገረው፣ ገና ያልተጀመረው ድርድር በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚካሄድ ለመወሰን ነው።